ሶላር ፋኖሱ ሃያ ደቂቃ አብርቶ ይጠፋል፤ ድንጋዩ ሞቶ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ዳንግሌ

ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ገጠር ነው የምትኖረው፣ መብራት ገና አልገባም። ከሦስት ዓመት በፊት ሶላር ፋኖስ ገዝቼላት ነበር። ያ እጀታ ያለው፣ ፓነሉ በገመድ የሚሰካ፣ በስልክ ቻርጀርም የሚሞላው ዓይነት ነው። አዲስ እያለ በትልቁ ብርሃን ሦስት ሰዓት ይቆይ ነበር። አሁን ሃያ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ጭልም ይልና ድርግም።

የገረመኝ ግን መሙላቱ ነው። ድሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፀሐይ ላይ ወጥቶ ቀዩ መብራት አረንጓዴ የሚሆነው ወደ 9 ሰዓት ላይ ነበር። አሁን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴ ይሆናል። እናቴ "ቶሎ ይጠግባል፣ ቶሎ ይርበዋል፣ እንደ ሕፃን ሆኗል" ትላለች።

ባህር ዳር ይዤው መጥቼ በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ አንድ ክብ ድንጋይ አለ፣ LiFePO4 3.2 ቮልት 1500 mAh ይላል። በሁለት ሞላ መሀል ነው የተቀመጠው። በአንደኛው በኩል ያለው ሞላ አረንጓዴና ዝገት ይዞታል። ክረምት ላይ የሚያፈስ ጣሪያ ስር ሰንብቶ ነበር አሉ። አዲስ ድንጋይ ልግዛ ወይስ ፋኖሱን ልጣለው?

ቆቱ

ወንድሜ ለምን ትጨነቃለህ፣ ሱቅ ሄደህ ሁለት ትልልቁን ድንጋይ ግዛና ክተትበት። የኔ ባትሪ እንደዛ ነው የሚሠራው፣ ለከብት ጥበቃ ሌሊት ይዤው ነው የምወጣው፣ ሁለት ወር ይሄዳል።

ዳንግሌ

ቆቱ፣ አንተ የምትለው የእጅ ባትሪ ነው መሰለኝ። ይሄ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ ነው፣ የሱቅ ድንጋይ አይገባበትም።

ቆቱ

አሃ። "ድንጋዩ ሞቶ" ስትል ነው የተሳሳትኩት። ባትሪው ባትሪ፣ ድንጋዩም ባትሪ፣ የመኪናውም ባትሪ። እንግዲህ በፀሐይ የሚሞላውን የሚያውቅ ይመልስልህ።

ቶሎ ቶሎ

ቀላል ነው። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ 18650 የሚባለውን ክብ ድንጋይ አውጥተህ ግጠምለት። መጠኑ አንድ ነው፣ ሚሊሜትር አይዛነፍም። እኔ የእህቴን ፋኖስ እንደዛ አድርጌ አሁን ከድሮው ይበልጥ ያበራል። 3.2 አሮጌ ነገር ነው፣ 3.7 ጉልበት አለው።

ጋሽ ቮልት

ልጄ ዳንግሌ፣ ምንም አትግዛ፣ ምንም አትቀይር። እናትህ ያሉት ነገር ከሁላችን ምርመራ ይሻላል። ድንጋይ ሲደክም ቶሎ ይርበዋል። ቶሎ መጥገቡም አብሮ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው መገናኛው ነው፣ ለዛውም ሞላው ዝጓል ብለሃል። ቴስተር አለህ? ከሌለህ ከጎረቤት ተዋስ። ፋኖሱን አጥፍተህ ድንጋዩን ለካ። ከዛ በትልቁ ብርሃን አብርተህ እንደገና ለካ። ሁለቱንም ቁጥር እዚህ ጻፍ።

ቶሎ ቶሎ፣ ያንተ ጉዳይ ለብቻው ወሬ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ዳንግሌ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቴስተር ከሥራ ቦታ ተዋስኩ። ግን ገና ስነካው ጠጭ ብሎ ብልጭታ ወጣ፣ የቴስተሩ ገመድም ሞቀ። ድንጋዩ ሊፈነዳ ነው?

ጋሽ ቮልት

ቀዩ ገመድ የት ቀዳዳ ላይ ነው የተሰካው? 10 አምፔር የሚለው ላይ ከሆነ ድንጋዩን በቀጥታ አገናኝተኸዋል ማለት ነው። በዛ በኩል ቴስተሩ ልክ እንደ ሽቦ ነው። ቮልት የሚለካበት ቀዳዳ ላይ አዙረው፣ ማዞሪያውንም ቀጥታ ቮልት 20 ላይ አድርገው። ድንጋዩ ለአፍታ ቢሆን ምንም አይለውም። ግን እጅህ ላይ ቀለበት ካለ አውልቅ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ በብረት ሲገናኝ ቀለበትን ያግላል።

ዳንግሌ

አዎ 10 አምፔር ላይ ነበር 🙈 ከሥራ ሳመጣው እንደዛው ተሰክቶ ነበር። አስተካከልኩ። ጠፍቶ እያለ 3.28። በትልቁ ሲበራ 3.20። ደህና አይደል? 3.2 ነው የሚለውም።

ጋሽ ቮልት

የመጀመሪያውን ቁጥር እርሳው። ይሄ ዓይነት ድንጋይ ሲሞላም ሲጋመስም 3.3 አካባቢ ነው የሚቀመጠው፣ ምን ያህል እንዳለው በዛ አታውቅም። ሁለተኛው ነው ቁም ነገሩ። ሲበራ 3.20 ላይ መቆሙ ድንጋዩ ጨርሶ እንዳልሞተ ይነግረኛል፤ የሞተ ድንጋይ ሲጫኑት ወደ 2.5 ይወድቃል።

አሁን ሦስተኛ ልክ አለ፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው። ፋኖሱ እየበራ ድንጋዩን ተወውና ከሞላዎቹ የሚመጡት ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ቦርዱ ላይ የተበየዱበት ቦታ ላይ ለካ። ድንጋዩ 3.20 እየሰጠ ቦርዱ ስንት እየደረሰው ነው? እሱን ንገረኝ።

ዳንግሌ

ቦርዱ ላይ 2.69!! ሦስት ጊዜ ለካሁት።

ጋሽ ቮልት

አገኘኸው። ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

እንዲህ አስበው። ፋኖስህ በትልቁ ሲበራ ግማሽ አምፔር ገደማ ይወስዳል (1500 ድንጋይ ሦስት ሰዓት ከቆየ ማለት ነው)። ግማሽ ቮልት በግማሽ አምፔር ሲካፈል አንድ ኦም ይሆናል። ዝገቱ ሞላው ላይ የአንድ ኦም በር ዘግቶብሃል። ብዙዎቹ ቦርዶች የሚደርሳቸው ከ2.8 እስከ 2.5 ባለው መሀል ሲወርድ "ድንጋዩ አልቋል" ብለው ያጠፋሉ። ስለዚህ ድንጋዩ ገና ግማሽ ሆዱ ሳይጎድል ፋኖሱ ይጠፋል።

ሲሞላ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ፓነልህ በጥሩ ፀሐይ 0.3 አምፔር ቢሰጥ በዛው በር ላይ 0.3 ቮልት ይጨመርበታል። ድንጋዩ 3.35 ላይ እያለ ቦርዱ 3.65 ያያል። 3.65 የዚህ ድንጋይ ጥጋብ ነው። ቦርዱ "ሞላ" ብሎ አረንጓዴ ያበራና ይዘጋል።

አሁን የእናትህን ግማሽ ሰዓት አስላው። 0.3 አምፔር ለግማሽ ሰዓት ማለት 150 mAh ነው የገባው። በግማሽ አምፔር ሲወጣ አሥራ ስምንት ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ አይሞላም ያልከው እሱ ነው።

ኬሚ መምህር

ጋሽ ቮልት ልክ ናቸው። ስለ ማጽዳቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አረንጓዴው የመዳብ ዝገት ነው፣ ከእርጥበት የመጣ። እሱን አቼቶ ወይም ሎሚ ይፈታዋል። የጆሮ ጥጥ ነክራችሁ እሹት፣ ከዛ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጥጥ አጥቡት፣ ከዛ በአልኮል። ሎሚውን ሳታጥቡ ከተዋችሁት በሳምንቱ ከበፊቱ የባሰ ዝገት ታገኛላችሁ።

እመቤት አዳማ

እኔ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሰማሁት። ባለቤቴ የመኪናውን ባትሪ በሱ ነው የሚያጥበው።

ኬሚ መምህር

እመቤት፣ የመኪና ባትሪ ውስጡ አሲድ ስለሆነ ነው ሶዳ የሚያስፈልገው። አልካላይን የሚል ድንጋይ ሲያፈስ የሚወጣው ነጭ ጨው ግን ራሱ ሶዳ መሰል ነገር ነው፣ እሱ ላይ ሶዳ መጨመር ምንም አይሠራም፣ ሎሚ ነው የሚፈታው። ርካሹ የሱቅ ድንጋይ ደግሞ ሌላ ነው፣ የሱ ፈሳሽ ወደ አሲድ ያደላል። ምን እንዳፈሰሰ ሳታውቁ አንዱን መድኃኒት ለሁሉም አትቀቡ። አንዲት ተማሪዬ ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ቀብታ መጥታ ነበር። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ለኬክ ተዉት።

ዳንግሌ

ድንጋዩን አውጥቼ ሞላውን በአቼቶ አሸሁ፣ አጠብኩ፣ በላጲስ ፈገፈግኩት። አሁን ብረቱ ያብለጨልጫል። በርቶ ስለካው ቦርዱ ላይ 2.92 ሆነ። ተሻሽሏል ግን አሁንም 0.28 የጎደለ አለ። ሌላ የሚታይ ዝገት የለም፣ በቃ ይሄው ነው?

ጋሽ ቮልት

በቃ አይደለም። ጤነኛ መገናኛ በዚህ ጭነት 0.05 ቢያጎድል ነው፣ ከዛ አያልፍም። አሁን በየክፍሉ ለካ። ፋኖሱ እየበራ አንዱን መዳሰሻ የድንጋዩ ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ጥቁሩ ሽቦ ቦርዱ ላይ ያረፈበት ቦታ አድርግ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። በፖዘቲቭ በኩልም እንደዛው በቀዩ። የጎደለው 0.28 የት እንደተደበቀ ቴስተሩ ራሱ ይነግርሃል።

ዳንግሌ

በቀዩ በኩል 0.06። በጥቁሩ 0.22። ሞላው ግን ያ ሁሉ ታሽቷል እኮ ጋሼ።

ጋሽ ቮልት

እንግዲህ ሞላው አይደለም ማለት ነው። በጥቁሩ መስመር ላይ ወደ ቦርዱ አንድ እርምጃ እየተጠጋህ ለካ። ከድንጋዩ ጫፍ እስከ ሞላው፣ ከሞላው እስከ ሽቦው ብየዳ፣ ከብየዳው እስከ ሽቦው ሌላ ጫፍ። ሽቦውንም ላስቲኩን ትንሽ ገፈህ ተመልከት። መዳቡ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር?

ዳንግሌ

ጥቁር ነው! ከብየዳው ጀምሮ እንደ ጥላሸት ሆኗል። ከሞላው እስከ ሽቦው መሀል ብቻ 0.19 ይላል።

ጋሽ ቮልት

እርጥበት በላስቲኩ ስር እየተሳበ ገብቷል። የጠቆረ መዳብ ሶልደር አይዝም፣ ብታቀልጥበትም ተንከባሎ ይወርዳል። ስለዚህ አትልፋበት። ድንጋዩን አውጣ፣ ይሄን እንዳትረሳ፣ ቦርዱ ላይ ጉልበት እያለ አትበይድም። ሽቦውን ቀይ መዳብ እስክታገኝ ድረስ ቁረጠው። ሁለት ሳንቲሜትርም አምስትም ሊሆን ይችላል። ካጠረህ ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ገመድ ሽቦ አውጣ፣ ግን ጸጉር የመሰለውን ቀጭኑን አትውሰድ። ሞላውን የሚበየድበትን ቦታ በምላጭ ፋቀው። በይደህ በናስትሮ ጠቅልል። ድንጋዩን ራሱን ግን በመበየጃ እንዳትነካው፣ ለሞላ ነው የተሠራው፣ ሙቀት ውስጡን ይጎዳል።

ከሜሪላንድ

ዳንግሌ፣ ጎበዝ ነህ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ዘመድ አለኝ፣ ሁለት LiFePO4 ድንጋይ ልልክልህ እችላለሁ። ለእናትህ ይሁን። ሻንጣ ውስጥ ልጠቅልለው?

ጋሽ ቮልት

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። በሻንጣ አይደለም፣ ብቻውን ያለ የሊቲየም ድንጋይ ካርጎ በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም። በእጅ ቦርሳ ነው፣ ጫፎቹ በናስትሮ ታሽገው። ግን ትንሽ ቆይ፣ ልጁ አሮጌውን ይፈትን።

ዳንግሌ

ሦስት ሳንቲሜትር ቆርጬ ቀይ መዳብ አገኘሁ። ጎረቤቴ ሞባይል ጠጋኝ ስለሆነ እሱ በየደልኝ። የፖዘቲቩንም ሞላ በላጲስ አሸሁ። አሁን ሲበራ ድንጋዩ ላይ 3.20፣ ቦርዱ ላይ 3.15!

ፀሐይ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አወጣሁት፣ አረንጓዴ የሆነው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዛሬ ማታ በትልቁ አብርቼ ሰዓት እይዛለሁ።

ቶሎ ቶሎ

ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንድ ድንጋይ። የኔ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ጋሼ፣ ወሬ አለው ብለው ነበር፣ እጠብቃለሁ።

ጋሽ ቮልት

ቃሌ ነው። የላፕቶፑ ድንጋይ ጥጋቡ 4.2 ነው። ለ3.2 የተሠራ ቦርድ 3.65 ላይ ይዘጋበታል። 3.65 ለዛ ድንጋይ ከሩብ ሆድ ብዙም አይዘልም። ይበራል፣ አዎ። ግን ሦስት ሩብ ገደማው ለሥራ አልገባም። አሮጌውም ሞቶ ስለነበር ነው የተሻለ የመሰለህ።

ተቃራኒው ነው የሚያስፈራኝ። ለ3.7 የተሠራ ፋኖስ ውስጥ 3.2ቱን የከተተ ሰው ድንጋዩን እስከ 4.2 ያስገድደዋል። ያብጣል፣ ያፈስሳል። ሰው "ሁለቱም 18650 ናቸው" ብሎ ሲገጥም እኔ ቁጥሩ የቁመትና የውፍረት ብቻ መሆኑን እነግረዋለሁ። 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ቁመት። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አይናገርም።

ቶሎ ቶሎ

የእህቴ ፋኖስ ግን ሙሉ ሌሊት ነው የሚያድረው ጋሼ። ሩብ ሆድ ሌሊት አያሳድርም።

ጋሽ ቮልት

በትንሹ ብርሃን ወይስ በትልቁ? እሱን ሳትነግረኝ አልከራከርህም። ሞልቶ አረንጓዴ ሲሆን ድንጋዩ ላይ ለካና ንገረኝ።

እመቤት አዳማ

ጋሼ፣ ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። የኔ ሶላር አይደለም። ከሶኬት ላይ ቀጥታ የሚሰካ የእጅ ባትሪ ነው፣ ከኋላው ሁለት እግር የሚወጣለት። መምህርት ነኝ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ በሱ ነው ወረቀት የማርመው። መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁሌም ሶኬት ላይ ትቼው ነው የምውለው። አሁን ሁለት ደቂቃ ያበራና ይደክማል። ቻርጅ ላይ ቀይ መብራቱ ግን ሁሌ ይበራል፣ እየሞላ ነው ማለት አይደለም?

ጋሽ ቮልት

እመቤት፣ ቀዩ መብራት እዛ ላይ "ሶኬት አለ" ነው የሚለው እንጂ "እየሞላ ነው" አይልም። ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ የመኪና ባትሪ ታናሽ ወንድም ነው፣ አራት ማዕዘን፣ 4 ቮልት የተጻፈበት። የሚሞላበት መንገድ ካፓሲተርና ጥቂት ዳዮድ ብቻ ነው፣ ሲጠግብ የሚያቆመው ነገር የለም። ቀን ሙሉ ሲሰካ ቀን ሙሉ ይፈላል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ያልቃል። ባዶ ሆኖ ሲሰነብት ደግሞ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋግርበታል። ሁለቱም ይገድሉታል።

ከመክፈትሽ በፊት ከሶኬት ንቀዪ፣ ጥቂት ደቂቃም ቆዪ። በዚህ ዓይነት ባትሪ ውስጥ የግድግዳው መብራት በቀጥታ ቦርዱ ላይ ነው ያለው፣ ተሰክቶ ተከፍቶ አይነካም። ከከፈትሽው የጥቁሩን ሳጥን ጎን እዪው። አብጧል?

እመቤት አዳማ

ባለቤቴ ከፈተው። እንደ ትራስ ሆኗል፣ ጎኑም ተሰንጥቋል። ሽቦው ላይ ነጭ ነገር አለ።

ጋሽ ቮልት

እንግዲህ እሱ አልቋል። እዚህ ላይ ነው የባልሽ ሶዳ የሚገባው፣ ያ ነጭ ነገር ከአሲድ የመጣ ነው። ሽቦውን በሶዳ ውሃ እጠቡትና አድርቁት። አዲስ 4 ቮልት ድንጋይ፣ መጠኑ አንድ የሆነ፣ ተገዝቶ ይገባል። ስትገዪ ሻጩ ፊት ለኪው፣ ከ4 በታች የሚያሳይ ከሆነ መደርደሪያ ላይ ሰንብቶ ተጎድቷል፣ አትውሰጂ። ሊቲየም ግን እዛ ውስጥ አስገቡ የሚልሽን እንዳትሰሚ። ማቆሚያ የሌለው ቻርጀርና ሊቲየም አንድ ላይ አይሆኑም። ከዛ በኋላ ማታ ስትተኚ ሰክተሽ ጠዋት ንቀዪ፣ ቀን ሙሉ አይደለም።

ኬሚ መምህር

ተሰንጥቆ የወጣውን ውሃ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ልብስም ይበላል። ሲጣልም ምድጃ ውስጥ አይደለም፣ እርሳስ ነው።

አንድ ነገር ግን ከጋሽ ቮልት ጋር አልስማማም። እንዲህ ያለ ደርቆ ያልተሰነጠቀ ድንጋይ አንዳንዴ ይመለሳል። ክዳኑን ከፍተው በመርፌ የተጣራ ውሃ ጠብ ያደረጉ አውቃለሁ፣ እኔም አንዱን መልሻለሁ።

ጋሽ ቮልት

መልሰሃል። ስንት ሳምንት ቆየ?

ኬሚ መምህር

አንድ ወር ከምናምን።

ጋሽ ቮልት

😄

ዳንግሌ

ውጤት ይዤ መጣሁ። በትልቁ ብርሃን 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ከነበረው ሰማይና ምድር ነው። ግን ሦስት ሰዓት አልደረሰም። ሌላ የተደበቀ ዝገት አለ?

ጋሽ ቮልት

መጨረሻ አካባቢ ድንጋዩ ላይና ቦርዱ ላይ ያለውን ልዩነት አይተኸዋል?

ዳንግሌ

አዎ፣ ሊጠፋ ሲል ድንጋዩ 2.70፣ ቦርዱ 2.65።

ጋሽ ቮልት

መንገዱ ንጹሕ ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩ 3.2 አካባቢ እያለ ይጠፋ የነበረው ፋኖስ አሁን 2.70 ድረስ አወጣ። የቀረው የድንጋዩ ድካም ነው። ሦስት ሰዓት የነበረው 1 ሰዓት ከ50 ከሆነ ከመቶ ስልሳ ገደማ ቀርቶታል። ሦስት ዓመት ለሠራ ጥሩ ነው። ሁለት በሽታ ነበረበት፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ነበር። መጀመሪያ ድንጋይ ገዝተህ ቢሆን አዲሱም እዛው ዝገት ላይ ሃያ ደቂቃ ነበር የሚሰጥህ። "ሐሰተኛ ሸጡልኝ" ብለህ ከሱቅ ጋር ትጣላ ነበር።

ከሜሪላንድ

ታዲያ ልላክ አይላክ? እዚህ ሳይ 18650 ሆኖ 3.2 ቮልት፣ 1500ም 1800ም አለ። አንዱ ደግሞ 6000 ይላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ጋሽ ቮልት

6000 የሚለውን ተወው። በዚህ መጠን ባለ LiFePO4 ከ2000 የሚያልፍ የለም። 1800 የሚለውን ብትልክ ዳንግሌ ይደሰታል። ሲደርስ ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ወደ 40 ግራም ካልመዘነ ውስጡ ባዶ ነው።

ዳንግሌ

ወንድሜ ከሜሪላንድ፣ እግዜር ያክብርህ። እናቴን ደውዬ ነገርኳት። እሷ በትልቁ ብርሃን የምታበራው እንግዳ ሲመጣ ነው፣ በትንሹ ነው የምታድረው፣ "ይበቃኛል፣ ለሰው አታስቸግር" አለች። ስለዚህ አንድ ብቻ ይበቃል፣ ለመጠባበቂያ።

ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ሞላው እንዳይዝግ ቫዝሊን ልቀባው? ጣሪያው ገና አልተሠራም።

ኬሚ መምህር

ቀባው። እርጥበት አያስገባም።

ጋሽ ቮልት

እኔ አልቀባም። ድንጋዩ የሚነካበት ጫፍ ላይ ከሆነ አቧራ ይሰበስባል፣ ገጠር ደግሞ አቧራ ነው። ከቀባህ ድንጋዩን አስገብተህ ከጨረስክ በኋላ ዙሪያውን ብቻ፣ በጣም ስስ አድርገህ። ከዛ ይልቅ የክዳኑን ጎማ ተመልከት፣ ተሰንጥቆ ከሆነ ውሃው የገባው በዛ ነው።

ኬሚ መምህር

የመኪና ባትሪ ላይ ሁሉም ይቀባል እኮ።

ጋሽ ቮልት

የመኪናው በቡሎን ታስሮ ነው። ይሄ በሞላ ነው የተነካካው።

ዳንግሌ

ጎማው በአንድ በኩል ተቀዷል። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጬ ልሞክር ነው። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።

ቶሎ ቶሎ

ጋሼ ለካሁ። አረንጓዴ ሆኖ ድንጋዩ ላይ 4.16 ነው የሚያሳየው።

ጋሽ ቮልት

እንዲያ ከሆነ የእህትህ ፋኖስ ከመጀመሪያውም ለ3.7 የተሠራ ነው። ልክ ነህ፣ እዛ ውስጥ ትክክለኛውን ነው የከተትከው። ግን ሳትለካ ነው የከተትከው። የድሮው ድንጋይ ላይ ምን ነበር የተጻፈው?

ቶሎ ቶሎ

ጥዬዋለሁ። 3.2 ይል የነበረ ይመስለኛል።

ጋሽ ቮልት

ይመስለኛል ነው ወይስ ይል ነበር?